ድፍን ጎማ ወይስ የነፋስ ጎማ? ስኩተራችሁ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስበት ምክንያት

ባለፈው ቪዲዮ ስር በኤሌክትሪክ ስኩተር ምግብ የምታደርሱ ልጆች አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ጠይቃችኋል። «ጎማው በየሳምንቱ እየተነፈሰ አስቸገረኝ፣ ድፍን ጎማ ላስገጥም ወይ?» ነው ጥያቄው። በቪዲዮ ማውራት ጀምሬው ነበር፤ ግን ቁጥር ያለበት ነገር በአፍ ሲነገር ይጠፋል። ስለዚህ እዚህ በጽሑፍ ላስቀምጠው፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ፤ ጎማ የዕለት ጉዳዬ ነው። የመኪናዬን ጎማ 33 ፒኤስአይ ነው የምሞላው። ፒኤስአይ ማለት የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው፣ ነዳጅ ማደያ ያለው ማሽን ላይ የምታዩት ቁጥር። አሁን ጥያቄው እንዲህ ነው፦ አንድ ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና በ33 ከሄደ፣ 12 ኪሎ ተኩል የሚመዝን ስኩተር ስንት ይበቃዋል? አብዛኛው ሰው «ኧረ ሃያም ይበዛበታል» ይላል። መልሱ ግን ከ45 እስከ 50 ነው። ብዙ ሰው የሚይዘው ባለ 8 ተኩል ኢንች ጎማው የሺያኦሚ ኤም 365 መመሪያ የሚለው ይህንኑ ነው። የብዙዎቻችሁ ችግር ከዚህ ቁጥር ነው የሚጀምረው፤ ድፍን ጎማ ለመግዛት ከመሮጣችሁ በፊት እሱን እንየው።

ነፋስ እንዴት ሸክም እንደሚሸከም ማወቅ ይጠይቃል። ጎማው መሬት የሚነካበት ቦታ አለ፣ ትንሽ ጠፍጠፍ ያለ ስፍራ። ከውስጥ ያለው ግፊት በዚያ ስፍራ ስፋት ሲባዛ፣ ጎማው ላይ ያረፈውን ክብደት ማከል አለበት። ግፊቱ ሲያንስ ስፍራው ይሰፋል፣ ማለትም ጎማው ይሟሽሻል። መኪና ጎማው ሰፊና ጎኑ ረጅም ስለሆነ በትንሽ ግፊት ሰፋ ብሎ ቢቀመጥ ግድ የለውም። የስኩተር ጎማ ግን ከመሬት እስከ ቸርኬው ድረስ ያለው ቁመት አራት ጣት አይሞላም። የሚሟሽሽበት ቦታ የለውም።

አንድ የማውቀው ልጅ አለ፣ እዚሁ ዲሲ ውስጥ ምግብ ያደርሳል። በሁለት ወር ውስጥ የኋላ ጎማው ሦስት ጊዜ ተነፈሰበት። «ጋሼ፣ በቃኝ፣ ድፍኑን አዝዤዋለሁ» አለኝ። «ቆይ አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ የተበሳውን ከመነዳሪ አምጣልኝ» አልኩት። ከመነዳሪ የምለው የውስጡን ጎማ ነው፤ አገር ቤት ጎሚስታ ዘንድ የቆመ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሦስቱንም አልጣላቸውም ነበርና አመጣቸው። ጎማውንም ለካነው፤ 22 ፒኤስአይ ነበር።

የእሱን ጉዳይ በቁጥር እናስላው። ልጁ 80 ኪሎ ነው። ጀርባው ላይ ያለው የምግብ ቦርሳ 8 ኪሎ እንበል። ስኩተሩ 12 ኪሎ ተኩል። ድምሩ 100 ኪሎ ገደማ ነው። ቆሞ ሲነዳ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ክብደት ወደ ኋላ ጎማ ያርፋል፤ 60 ኪሎ ብለን እንያዝ። 50 ፒኤስአይ ማለት በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር 3 ኪሎ ተኩል መሸከም ነው። 60ን ለ3.5 ስናካፍለው 17 ካሬ ሴንቲሜትር ይወጣል፤ 3 በ6 የሚሆን ስፍራ፣ ከክብሪት ቀፎ ብዙ የማይበልጥ። 22 ፒኤስአይ ሲሆን ግን አንድ ካሬ ሴንቲሜትር የሚሸከመው 1.55 ኪሎ ብቻ ነው። 60ን ለዚያ ስታካፍሉት ወደ 39 ይሄዳል። 4 በ10 ማለት ነው።

እንግዲህ ስኩተሩ ጎማው ትንሽ ክብ ነው። 6 ሴንቲሜትር ርዝመት መሬት ለመንካት ጎማው 4 ሚሊሜትር ያህል ነው ዝቅ የሚለው። 10 ሴንቲሜትር ለመንካት ግን 12 ሚሊሜትር ይሰምጣል። ቆሞ እያለ ነው ይህ ሁሉ፤ ገና ጉድጓድ አልገባም። የጎማው የራሱ ላስቲክም ጥቂት ስለሚሸከም ቁጥሩ ግምት ነው፤ ልዩነቱ ግን እውነት ነው። በ22 የሚሄደው ልጅ ካለው አራት ሴንቲሜትር ገደማ ቁመት ላይ ከሲሶው አቅራቢያ ሳይንቀሳቀስ በልቶታል። ከዚያ በሰዓት 25 ኪሎሜትር እየበረረ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ሲመታ ምን ይሆናል? ጎማው እስከ ቸርኬው ይጨፈለቃል። ከመነዳሪው በጠርዙና በቸርኬው መሃል ይገባል፤ እንደ መቀስ ይቆርጠዋል።

ከመነዳሪዎቹን ትንሽ ነፍተን ውሃ ውስጥ ስናስገባቸው በሁለቱ ላይ ያየነው ይህንኑ ነው። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ቀጫጭን ቁርጥ፣ እባብ የነደፈው ይመስላል። የቸርኬው ሁለት ከንፈሮች በአንድ ጊዜ ሲነክሱት ነው ሁለት የሚሆነው። ይህን ምልክት ካያችሁ ሚስማር አትፈልጉ፣ ጠርሙስም አትርገሙ፤ ግፊት ነው ያነሰው።

ሦስተኛው ሌላ ነበር። ቫልቩ ሥር ላይ የተቀደደ ነው። ይሄም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከግፊት ማነስ ይመጣል። ጎማው ልል ሲሆን ፍሬን ሲያዝ ወይም ሞተሩ ሲጎትት በቸርኬው ላይ ትንሽ ትንሽ ይንሸራተታል። ከመነዳሪውን ይዞት ይሄዳል፣ ቫልቩ ግን በቸርኬው ቀዳዳ ውስጥ ተሰክቶ የቆመ ነው። ስለዚህ ሥሩ ላይ ይተረተራል። ቫልቩ ቀጥ ብሎ መቆሙን ትቶ ወደ ጎን ካዘነበለ ይህ ነገር ጀምሯል ማለት ነው፤ ሳይቀደድ ነፋሱን አውጥታችሁ ጎማውን አስተካክሉት። በነገራችን ላይ ፓምፕ ሲሰካና ሲነቀል ቫልቩን ወዲያና ወዲህ መወዝወዝም ያንኑ ሥር ይጎዳዋል።

እውነተኛ ሚስማር፣ ጠርሙስ ወይም እሾህ ከሆነስ? ያኔ ቀዳዳው አንድ ነው፤ ወደ መንገድ በሚያየው በኩል ነው ያለው። ቀዳዳው አንድ ሆኖ ወደ ቸርኬው በሚያየው በኩል ከሆነ ደግሞ ጎማውን የገጠመው ሰው በብረት ቆንጥጦታል፣ ወይም ቸርኬው ላይ የሚወጋ ነገር አለ። ጣታችሁን በጥንቃቄ ዙሪያውን አስኪዱበት። ከውጭ ጎማው ውስጥም እንዲሁ፤ ሰባራ ጠርሙስ ተሰክቶ ቀርቶ አዲሱን ከመነዳሪ በማግስቱ የሚበሳው ለዚህ ነው። አንድ ጎሚስታ ያንን ልጅ በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ አስከፍሎታል፤ ግፊቱን ግን አንድ ቀን አልለካለትም።

አሁን ወደ ድፍኑ ጎማ እንምጣ። ድፍን ጎማ የሚሸጡት ሰዎች የሚሉት እውነት ነው፤ አይተነፍስም፣ ሚስማር አይፈራም፣ ፓምፕ አይፈልግም። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው እስከ ውስጡ ላስቲክ የሆነ፣ ሌላው እንደ ማር ሰፈፍ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው። ቀዳዳ ያለው ትንሽ ስለሚታጠፍ ይሻላል። ግን ሁለቱም ነፋስ የሚሠራውን ሥራ አይሠሩም። ነፋስ ያለው ጎማ ትንሽ ድንጋይ ሲያገኝ በዚያች ነጥብ ብቻ ይታጠፍና ድንጋዩን ይውጠዋል፤ ስኩተሩ ከፍ አይልም። ድፍኑ ግን ድንጋዩ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ይወርዳል። እናንተም አብራችሁ።

ነፋስ ያለው ጎማ የተፈጠረውም ለዚሁ ነው። ጆን ቦይድ ደንሎፕ የሚባል ቤልፋስት ውስጥ የሚኖር የከብት ሐኪም በ1880ዎቹ መጨረሻ ልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌቱን ድንጋያማ መንገድ ላይ ሲነዳ ድፍኑ ላስቲክ እንዳያንገጫግጨው ብሎ ነው ነፋስ የሞላ ቱቦ የጠቀለለበት። በ1888 ፓተንት አወጣበት። ከሱ በፊትም ሮበርት ቶምሰን የሚባል ስኮትላንዳዊ በ1840ዎቹ ሐሳቡን አስመዝግቦ ነበር። ዛሬ እኛ ተመልሰን ድፍን ላስቲክ እየገዛን ነው፣ ይሁን።

መንገጫገጩ እጅና ጉልበት ማደንዘዙ አንድ ነገር ነው፤ ስኩተሩስ? እንደ ኤም 365 ያለ ስኩተር ሞላ የለውም። ሾክ አብዞርበሩ ራሱ ጎማው ነው። ነፋሱን ስታወጡበት ሾክ አብዞርበሩን አውጥታችሁ ጣላችሁት ማለት ነው። ንዝረቱ የት ይሄዳል? ወደ ብሎኖቹ። የመሪው ማጠፊያ ይላላል፣ የኋላው ፓራፋንጎ ይሰነጠቃል፣ የመብራቱ ሽቦ ይቆረጣል። ድፍን ያስገጠመ ሰው መሪውን ወደፊትና ወደኋላ እየወዘወዘ ልል መሆን አለመሆኑን በየሳምንቱ ማየት አለበት። ማጠፊያው መንገድ ላይ ቢከፈት ቀልድ አይደለም፤ ፊት ነው የሚሄደው።

አንዳንዱ «የኔ ስኩተር ከፋብሪካው ድፍን ጎማ ይዞ ነው የመጣው፣ ደህና ይሄዳል» ይለኛል። ልክ ነው፤ ለምሳሌ ናይንቦት ኢኤስ 2 እንዲያ ነው። ግን እሱ የፊትም የኋላም ሞላ ተደርጎለታል። ስኩተሩ ሲሠራ ታስቦበታል። ሞላ ለሌለው ስኩተር ተመሳሳዩን ጎማ ማስገጠም ሌላ ጉዳይ ነው።

ከሁሉ በላይ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ዝናብ ነው። እኔ መሪ ላይ ሆኜ በየቀኑ የማየው ነገር ስለሆነ ነው አጥብቄ የምናገረው። ድፍን ጎማ እንዳያልቅ ጠንከር ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ መንገዱ ላይ ያለውን ሻካራ ነገር ተጣብቆ አይይዝም። ደረቅ አስፋልት ላይ ልዩነቱ ብዙም አይታወቃችሁም። እርጥብ ሲሆን፣ በተለይ የእግረኛ መሻገሪያው ነጭ ቀለም ላይ፣ የብረት የቱቦ ክዳን ላይ፣ የባቡር ሐዲድ ላይ፣ ጎማው ይሄዳል። ፍሬን ስትይዙ ኋላው ቶሎ ይቆለፍና ወደ ጎን ይወጣል። አንድ ልጅ ከፊቴ እንዲህ ሲንሸራተት አይቻለሁ፤ እኔ ርቀት ጠብቄ ስለነበር ቆምኩ። በነፋስ ጎማ የምትቆሙበት ርቀት በድፍን ጎማ እርጥብ ላይ አይበቃም፤ ቀደም ብላችሁ፣ ቀስ አድርጋችሁ ነው ፍሬን መያዝ ያለባችሁ።

ስለ ባትሪም ትጠይቃላችሁ። በደንብ የተነፋ የነፋስ ጎማ ከድፍን ጎማ ቀለል ብሎ ይንከባለላል፣ በተለይ መንገዱ ሻካራ ሲሆን። 22 ፒኤስአይ ላይ ያለ ጎማ ግን በእያንዳንዱ ዙር እየታጠፈና እየተዘረጋ ጉልበት ይበላል፤ ድፍኑ ሊበልጠው ይችላል። ድፍን አስገጥመው «ባትሪዬ ረዘመ» የሚሉ ሰዎች ቀድሞ ጎማቸው ልል የነበረ ናቸው ብዬ ነው የማስበው።

ታዲያ ድፍን ለማን ይሆናል? ከቤት እስከ ባቡር ጣቢያ ሁለት ኪሎሜትር፣ ለስላሳ የብስክሌት መንገድ፣ ዝናብ ሲሆን አውቶቡስ የሚይዝ ሰው፤ ለሱ ይሆነዋል። ማርፈድ ፈጽሞ የማይችል፣ ፓምፕ መያዝም የማይፈልግ ሰው ከሆነ አልከራከረውም። ቀኑን ሙሉ በሁሉም ዓይነት መንገድ ለሚሮጥ፣ ዝናብ ሲመጣ ትዕዛዝ የሚበዛለት የምግብ አድራሽ ግን የመጨረሻው ምርጫ መሆን አለበት። የግድ ከሆነባችሁ እንኳ የኋላውን ብቻ ድፍን አድርጉና የፊቱን ነፋስ ተዉት። ብዙ ክብደት የሚያርፈው፣ ብዙ ጊዜ የሚበሳውም የኋላው ነው፤ መሪውን የሚይዝላችሁ ደግሞ የፊቱ ነው። የኋላ ጎማ ቢንሸራተት ማዳን ይቻላል፤ የፊቱ ከሄደ የለም።

ማስገጠሙም እንዲሁ ቀላል አይምሰላችሁ። ድፍን ጎማ አይለጠጥም። ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማለስለስ፣ ግማሹን ቸርኬው ውስጥ አስገብቶ በፕላስቲክ ማሰሪያ አንቆ ይዞ፣ ሌላውን በጉልበት መግፋት ነው። ከዚያ በኋላ ማውጣት ከፈለጋችሁ ብዙ ጊዜ በቢላ ቆርጦ ነው። ስለዚህ ሞክሬ ልየው የሚባል ነገር አይደለም።

ወደ ልጁ ልመለስ። ያዘዘውን ድፍን መለሰው። እኛ ያደረግነው ይህን ብቻ ነው። አዲስ ከመነዳሪ ገዛ፣ ጥቂት ዶላር ነው። ከማስገባታችን በፊት ቅርጽ እንዲይዝ ያህል ትንሽ ነፋነው፤ እንዳይታጠፍና እንዳይቆነጠጥ። የውጭውን ጎማ በሙቅ ውሃ አለሰለስነው፣ ካቻቢቴ አልተጠቀምንም፣ የፕላስቲክ ማንሻ ነው የተጠቀምነው፤ ካቻቢቴ ራሱ ከመነዳሪ ይበሳል። ከዚያ ቀዳዳ የሚደፍነውን ፈሳሽ ጨመርንበት። የቫልቩን እምብርት በትንሿ መክፈቻ ፈትቶ፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ያህል አስገብቶ፣ መልሶ ማሰር ነው። ይህ ፈሳሽ እሾህ ወይም ትንሽ ሚስማር ሲበሳው ጎማው እየዞረ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ያንን የእባብ ንድፊያ ግን አይደፍንም፣ የቫልቭ ሥር ቅዳጅም አይደፍንም። እሱን የሚከላከለው ግፊት ብቻ ነው።

በመጨረሻ 48 ፒኤስአይ ሞላነው። አሞላሉ ላይ ተጠንቀቁ። የነዳጅ ማደያ ኮምፕሬሰር ለመኪና ጎማ የተሠራ ነው፤ የስኩተር ጎማ በጣም ትንሽ ነፋስ ስለሚይዝ በአንድ ሁለት ሴኮንድ ያልፈዋል። ጫን፣ ለቀቅ፣ ለካ፤ ጫን፣ ለቀቅ፣ ለካ። የተሻለው መለኪያ ያለው የእጅ ፓምፕ ቤት ማስቀመጥ ነው። ቫልቩ የመኪና ዓይነት ስለሆነ የመኪና ፓምፕ ይገጥማል፣ ግን ቸርኬው ጠባብ ስለሆነ አጭር ማራዘሚያ ያስፈልጋል። ፓምፑን ስትነቅሉ ፍሽሽ የሚለውም ከዚህ ትንሽ ጎማ ላይ ጥቂት ፒኤስአይ ሊወስድ ይችላል፤ ስለዚህ ለመለካት ብቻ ደጋግማችሁ አትሰኩት፣ በለካችሁ ቁጥርም ጨመር አድርጉበት።

በስንት ጊዜ? ለሥራ የምትነዱ በየሳምንቱ። ለመዝናኛ ከሆነ በየሁለት ሳምንቱ። ትንሽ ጎማ ምንም ሳይበሳ ነፋሱ ቶሎ ይቀንሳል፤ ብርድ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። በዚህ ግፊት ላይ የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲወርድ 2 ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል። ቤት ውስጥ በ20 ዲግሪ 45 ሞልታችሁ ከዜሮ 5 ዲግሪ በታች በሆነ ጠዋት ብትወጡ 40 ላይ ናችሁ። ስቶክሆልምና ሚኒያፖሊስ ያላችሁ ይህን አትርሱ። ባሕረ ሰላጤው ያላችሁ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ጠዋት በ25 ዲግሪ 50 ሞልታችሁ 55 ዲግሪ የሚደርስ ፀሐይ የበላው ቦታ ብታቆሙት 56 ይደርሳል። እናንተ 45 ላይ ሙሉት፣ ጥላ ፈልጉለት። ቀዳዳ የሚደፍነው ፈሳሽም በሙቀት ቶሎ ይደርቃል።

አዲስ ስኩተር ልትገዙ የምታስቡ ካላችሁ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ከመነዳሪ የሌለው የነፋስ ጎማ፣ ልክ እንደ መኪና። ናይንቦት ማክስ ጂ 30 ባለ 10 ኢንች እንዲህ ያለ ጎማ ነው ያለው። በውስጡ የሚቆነጠጥ ከመነዳሪ ስለሌለ ያ የእባብ ንድፊያ አይነካውም፣ ሚስማር ቢገባም ነፋሱ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። ጎማው ትልቅ ስለሆነ የሚፈልገው ግፊትም ያንሳል፣ ከ32 እስከ 37 ነው። ስለዚህ የጓደኛችሁን ቁጥር አትቅዱ፤ የራሳችሁን መመሪያ እዩ። ዋጋው የሚከፈለው በክብደት ነው፤ 19 ኪሎ ገደማ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለ አሳንሰር የሚኖር ሰው በየማታው ይሸከመዋል።

ልጁ ይህን ካደረገ አራት ወር ሆነው። አንድ ጊዜ ከጎማው ላይ ሚስማር ነቅሎ አውጥቷል፤ ፈሳሹ ደፈነው፣ ነፋስ ጨመረበት፣ ሄደ። አሁን የሚያማርረው የፍሬን ሸራው ማለቁን ነው፤ እሱን በሚቀጥለው ቪዲዮ እናየዋለን። ስኩተራችሁ ሞላ ያለው ይሁን የሌለው፣ ጎማው ስንት ኢንች እንደሆነና የተበሳው ከመነዳሪ ቀዳዳው የት በኩል እንዳለ ጽፋችሁ ላኩልኝ፤ እነዚህን ሦስቱን ካልነገራችሁኝ መልስ መስጠት አልችልም።